በስስ ግድግዳ ላይ ፊሌት ለምን እንቢ ይላል? የፊቸሮችን ቅደም ተከተል ማስተካከል

ጥያቄ፦ «FreeCAD በተባለው የ3ዲ ዲዛይን ፕሮግራም 80 በ50 በ25 ሚሊ የሆነ ክዳን የሌለው ሣጥን እየሠራሁ ነው። በPad ድፍን ብሎክ አድርጌ በThickness ቦርቡሬ 2 ሚሊ ግድግዳ ሰጠሁት፤ ከዚያ አንዱን ጎን ለኬብል በPocket ቀደድኩት። አራቱን የቁም ማዕዘኖች በ8 ሚሊ ፊሌት ክብ ላድርግ ስል እንቢ ይላል፤ 6 ስለው ግን ተቀበለኝ። የላይኛውን ከንፈር ከውጭም ከውስጥም 1 ሚሊ ስለው ደግሞ BRep_API: command not done ይለኛል፤ 0.9 ይሠራል። የፕሮግራሙ ስህተት ነው? ወይስ ቁጥሩን እየቀነስኩ ልቀጥል?»

የፕሮግራሙ ስህተት አይደለም፤ ቁጥሩን መቀነስም ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አይፈታውም። እንዲያውም እንቢ ካለዎት 8 ይልቅ ዝም ብሎ የተቀበለዎት 6 ነው የሚያሳስበው። ሁለቱ እንቢታዎች ሲያዩዋቸው አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ ምክንያታቸው ግን ለየቅል ነው። የማዕዘኖቹ ጉዳይ የፊቸሮቹን፣ ማለትም እንደ Pad እና Thickness ያሉትን የሥራ እርምጃዎች፣ ቅደም ተከተል በመቀየር ሙሉ በሙሉ ይፈታል። የከንፈሩን ግን ምንም ዓይነት ቅደም ተከተል አይፈታውም፤ እሱ የቦታ ጥበት ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ ነው መታየት ያለባቸው።

በመጀመሪያ ፕሮግራሙ ፊሌት ሲታዘዝ ምን እንደሚያደርግ ግልጽ ይሁን። ጠርዙ ላይ የሚገናኙትን ሁለት ገጾች ይወስዳል፤ ከዚያ የጠየቁት ራዲየስ ያላትን ኳስ፣ ሁለቱንም ገጾች እየነካች፣ በጠርዙ ርዝመት ከዳር እስከ ዳር ያንከባልላል። ኳሷ ገጾቹን የነካችባቸው ሁለት መስመሮች የፊሌቱ ድንበሮች ይሆናሉ። በድንበሮቹና በድሮው ጠርዝ መካከል ያለው ቁስ ተቆርጦ ይወጣል። ጠርዙ 90 ዲግሪ ከሆነ እያንዳንዱ ድንበር ከጠርዙ የሚርቀው ልክ የራዲየሱን ያህል ነው። ጠርዙ ከዚያ የሾለ ከሆነ ርቀቱ ይጨምራል፤ በ60 ዲግሪ ጠርዝ ላይ የራዲየሱን 1.73 እጥፍ ይሆናል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ገጽ ድንበሩን የሚያሳርፍበት በቂ ስፋት ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛ፣ ከፊሌቱ ጀርባ በቂ ቁስ መኖር አለበት። FreeCAD የሚጠቀምበት Open CASCADE የተባለው የጂኦሜትሪ ሞተር የመጀመሪያውን በጥብቅ ያያል፤ ቦታ ካጣ ያንን የስህተት መልእክት ሰጥቶ ያቆማል። ሁለተኛውን ግን አይመለከተውም ማለት ይቻላል። ትኩረቱ ጠርዙን የሚጋሩት ሁለት ገጾች ላይ ነው፤ ከግድግዳው ማዶ ያለው የውስጥ ገጽ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ አይጠይቅም። የእርስዎ 6 ያለ ምንም ቅሬታ ያለፈው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ማዕዘኑን እናስላ። በThickness የተቦረቦረው ሣጥን ከውጭም ከውስጥም የሾለ ማዕዘን አለው። ከውጭ ብቻ ፊሌት ሲያደርጉ የውጩ ማዕዘን ወደ ውስጥ ይጠጋል፤ የውስጡ ግን ባለበት ይቆያል። በማዕዘኑ ሰያፍ ላይ የሚተርፈው ውፍረት፣ ግድግዳው t፣ የፊሌቱ ራዲየስ r ሲሆን፣ ይህ ነው፦

```
ቀሪ ውፍረት = 1.414 × t − 0.414 × r
```

የእርስዎን 2 ሚሊ ግድግዳ ያስገቡበት። r 3 ሲሆን 1.59 ሚሊ ይተርፋል። 4 ሲሆን 1.17፣ 5 ሲሆን 0.76 ይሆናል። በ6 የሚተርፈው 0.34 ሚሊ ብቻ ነው። በ3ዲ ፕሪንተር ሊያትሙት ከሆነ ይህ በተለመደው የ0.4 ሚሊ ኖዝል ከሚሳል አንድ መስመር ያነሰ ነው፤ ሣጥኑ በአራቱም ማዕዘኖች ቁመቱን ሙሉ የሚሰነጠቅ መስመር ይዞ ይወጣል፣ አለዚያም ሞዴሉን ለፕሪንተሩ የሚያዘጋጀው ስላይሰር ያንን ቦታ ጭራሽ ይዘለዋል። ስክሪን ላይ ከውጭ ሲያዩት ያማረ ማዕዘን ነው። በ8 ስሌቱ ከዜሮ በታች 0.48 ይሰጣል፤ ማለትም ፊሌቱ የውስጡን ማዕዘን በስቶ አልፏል፤ ግድግዳ የለም። የመብሻው ወሰን የግድግዳው 3.41 እጥፍ ነው፤ ለ2 ሚሊ ግድግዳ 6.83 ሚሊ። ስለዚህ የእርስዎ 6 ማለፉና 8 መውደቁ በአጋጣሚ አይደለም፤ ወሰኑ በመካከላቸው ነው ያለው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ወሰኑ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ የስህተት መልእክት ይመጣል ብለው አይተማመኑ። አንዳንዴ ገጾቹ እርስ በርስ የሚቆራረጡበት የተበላሸ ሶሊድ ይሠራና ዝም ይላል፤ ችግሩ ብቅ የሚለው ሦስት ፊቸር ካለፈ በኋላ ነው።

ከዚሁ ቀመር አንድ ጠቃሚ ነገር ይወጣል። r ከ t ጋር እኩል ሲሆን የሚተርፈው ውፍረት ልክ t ነው። r ከ t በለጠ ማለት ማዕዘኑ ከግድግዳው መሳሳት ጀመረ ማለት ነው። ስለዚህ የመወሰኛው መስፈርት ቀላል ነው፦ የሚፈልጉት የውጭ ራዲየስ ከግድግዳው ውፍረት የሚበልጥ ከሆነ ፊሌቱ ከThickness በፊት ይምጣ፤ የሚያንስ ከሆነ በኋላ ይምጣ። 8 ከ2 ስለሚበልጥ የእርስዎ ፊሌት ያለ ጥርጥር በፊት ነው የሚገባው።

ቀድሞ ሲገባ ምን ይለወጣል? Thickness የሚሠራው እያንዳንዱን ገጽ በግድግዳው ውፍረት ልክ ወደ ውስጥ በመግፋት ነው። ጠፍጣፋው ገጽ ጠፍጣፋ ሆኖ ይገባል፤ 8 ሚሊ ራዲየስ ያለው የፊሌት ገጽም 6 ሚሊ ራዲየስ ይዞ ይገባል። ውጩና ውስጡ አንድ ማዕከል ይጋራሉ፤ ግድግዳው በማዕዘኑም በቀጥታውም 2 ሚሊ ነው። ለውስጡ ማዕዘን ለብቻው ፊሌት መስጠትም አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ራዲየሱን የሚገድበው የግድግዳው ውፍረት መሆኑ ይቀራል፤ ወሰኑ የሣጥኑ ስፋት ነው፤ በ50 ሚሊ ወርድ ላይ ከ25 በታች ያለውን ሁሉ ይቀበላል።

በፊት የሚለው አማራጭም የራሱ መሰናክል አለው፤ እሱም ራዲየሱ ከግድግዳው ጋር እኩል ወይም ከዚያ ያነሰ ሲሆን ነው። 2 ሚሊ ፊሌት አድርገው በ2 ሚሊ ግድግዳ ቢቦረቡሩት የውስጡ ራዲየስ ዜሮ ይሆናል፤ የፊሌቱ ገጽ ወደ አንድ መስመር ይሰበሰባል፤ ሞተሩ እንዲህ ያለውን ገጽ መያዝ ይቸግረዋል። በ1.5 ሚሊ ፊሌት ቢሞክሩት ደግሞ የውስጡ ራዲየስ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ይህ ማለት ገጹ ተገልብጦ ይወጣል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የሚወድቀው ፊሌቱ ሳይሆን Thickness ራሱ ስለሆነ ብዙ ሰው ጥፋቱን የተሳሳተ ቦታ ይፈልጋል። ራዲየስን ከግድግዳው ጋር እኩል ማድረግን በጭራሽ አልመክርም። ወይ 2.5 ያድርጉትና በፊት ያስገቡት፣ ወይ 1.5 ያድርጉትና በኋላ ያስገቡት። ከግድግዳው በታች የሆነው በኋላ ሲገባ ማዕዘኑ አይሳሳም፤ በ1.5 ሰያፉ ላይ 2.2 ሚሊ ይተርፋል።

የሣጥኑ የታችኛው ዙሪያም ክብ እንዲሆን ከፈለጉ ያው መስፈርት ይሠራል፤ ግን አንድ ተጨማሪ ግዴታ አለው። መጀመሪያ የቁም ማዕዘኖቹን፣ ቀጥሎ የታችኛውን ዙሪያ ያድርጉ፤ የታችኛው ራዲየስም ከቁሙ ያነሰ ይሁን። ምክንያቱም የቁም ማዕዘኖቹ ክብ ከሆኑ በኋላ የታችኛው ጠርዝ ሳይቋረጥ ዙሪያውን የሚሄድ አንድ መስመር ይሆናል፤ ኳሷም ማዕዘኑ ጋ ስትደርስ በዚያ ክብ ውስጥ መታጠፍ አለባት። ቁሙ 8፣ ታቹ 3 ከሆነ ማዕከሏ በ5 ሚሊ ራዲየስ ይታጠፋል፤ ይበቃታል። ቁሙ 3፣ ታቹ 5 ቢሆን ግን መታጠፊያ የላትም፤ ፊሌቱ ራሱን በራሱ ይቆርጣል። ለእርስዎ ሣጥን 8 እና 3 ጥሩ ናቸው፤ ሁለቱም ከ2 ስለሚበልጡ ሁለቱም ከThickness በፊት ይገባሉ፤ የውስጦቹ 6 እና 1 ይሆናሉ።

አሁን ወደ ሥራው። ፋይሉን በሌላ ስም ያስቀምጡ። በሞዴል ትሪው ላይ የ6 ሚሊውን Fillet ያጥፉት። ከከንፈሩ ፊሌቶች የተሳካውን የ0.9ኙንም ያጥፉት፤ በኋላ እንደ አዲስ ነው የሚሠራው። የሚቀሩት Pad፣ Thickness እና Pocket ናቸው። Pad ላይ በቀኝ ጠቅ ያድርጉና Set Tip ይምረጡ። Tip ማለት አዲስ ፊቸር ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚገባ የሚወስን ምልክት ነው፤ Pad ላይ ካላደረጉት አዲሱ ፊሌት ከPocket በኋላ መጥቶ የተነሱበት ችግር ውስጥ ይመልስዎታል። ሙሉው ብሎክ ካልታየ Pad ተመርጦ እያለ Space ይጫኑ። ውስጡ ያልተቦረቦረ ድፍን ብሎክ ማየት አለብዎት፤ ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ከታየዎት የሚያዩት የኋለኛውን ፊቸር ነው፤ ከዚያ ላይ ጠርዝ አይምረጡ።

አራቱን የቁም ጠርዞች Ctrl ይዘው ይምረጡና Fillet ያዝዙ፤ 8 ይስጡት። ቀጥሎ የታችኛውን ገጽ ይምረጡና ሌላ Fillet ያዝዙ፤ ገጽ ሲመርጡ የዙሪያውን ጠርዞች ሁሉ ይወስዳቸዋል፤ 3 ይስጡት። ሁለቱን በአንድ Fillet ውስጥ አያጭቁ። አንድ Fillet አንድ ራዲየስ ነው የሚይዘው፤ ከዚህም በላይ ተለያይተው ሲቆሙ አንዱ ሲወድቅ የትኛው እንደወደቀ ወዲያው ያውቃሉ።

አሁን Thickness የተመሠረተው በPad ላይ ሳይሆን በሁለተኛው ፊሌት ላይ ነው፤ ሲያስገቡ FreeCAD ራሱ ያያይዘዋል። የማያደርግልዎት ነገር ቢኖር የትኛው ገጽ ክፍት መሆን እንዳለበት በእርግጠኝነት ማስታወስ ነው። ገጾች Face6 እንደሚለው ዓይነት ተራ ቁጥር አላቸው፤ ፊሌቶቹ አዳዲስ ገጾች ሲጨምሩ ቁጥሩ ይዛባል፤ ትላንት የላይኛው ገጽ የነበረው Face6 ዛሬ አንዱ የማዕዘን ገጽ ሊሆን ይችላል። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው 1.0 ይህን በእጅጉ አሻሽሎታል፤ ጨርሶ አላስወገደውም። ስለዚህ Thickness ላይ ሁለቴ ጠቅ ያድርጉ፤ በዝርዝሩ ያለውን ገጽ ያስወጡና የላይኛውን ገጽ እንደገና ያስገቡ። ሣጥኑ በጎኑ ወይም በማዕዘኑ ተከፍቶ ካዩት ይህን እርምጃ ዘለውታል ማለት ነው።

እዚያው መስኮት ውስጥ Make thickness inwards የሚለውን ይመልከቱ። ምልክት ካልተደረገበት ግድግዳው ወደ ውጭ ነው የሚያድገው፤ 80 በ50 በ25 የነበረው ሣጥን 84 በ54 በ27 ይሆናል፤ የሰጡት 8 የውስጥ ራዲየስ ሆኖ የውጩ 10 ይሆናል። ሁለቱም አሠራር ትክክል ነው፤ ስሌቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ውስጡ ልክ የሆነ ሰርኪት ቦርድ የሚይዝ ከሆነ ወደ ውጭ ማሳደጉ ይሻላል፤ በዚያ ጊዜ ራዲየሱ ስለሚጨምር ዜሮ የመሆን ሥጋት የለም። Join type የሚለው Arc ላይ ሆኖ ወደ ውጭ ካሳደጉ ደግሞ የሾሉ ጠርዞች በግድግዳው ውፍረት ልክ በራሳቸው ይከብባሉ፤ ሳያዝዙት የመጣ ፊሌት ካዩ ምንጩ ይህ ነው።

በትሪው ላይ ፊቸርን የሚያንቀሳቅስ Move object after other object የሚባል ትእዛዝ እያለ ፊሌቱን ማጥፋትና እንደገና መሥራት ለምን ያስፈልጋል ሊሉ ይችላሉ። ትእዛዙ ለPad እና ለPocket ጥሩ ነው፤ እነሱ የሚመረኮዙት በስኬች፣ ማለትም በጠፍጣፋ ሥዕል፣ ላይ ነው። ፊሌት ግን የሚመረኮዘው ከፊቱ ባለው ሶሊድ ጠርዞች ስም ላይ ነው። ከThickness በኋላ Edge14 የነበረው ጠርዝ ከThickness በፊት ወይ የለም ወይ ሌላ ጠርዝ ነው። ፊሌቱን ካንቀሳቀሱት ወይ ይሰበራል ወይ፣ የባሰው፣ ያላሰቡትን ጠርዝ ያከብባል። አራት ጠርዝ መምረጥ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ እንደገና ይሥሩት።

አሁን Pocket ላይ በቀኝ ጠቅ ብለው Set Tip ያድርጉ። ቀዳዳው ቦታውን ለቆ ወይም ጠፍቶ ካገኙት ስኬቹ በሣጥኑ የውጭ ገጽ ላይ ተለጥፎ ነበር ማለት ነው፤ የዚያም ገጽ ቁጥር ተቀይሯል። በድጋሚ ሌላ ገጽ ላይ አይለጥፉት። በስኬቹ ንብረቶች ውስጥ Map Mode ን ይክፈቱና ከXZ_Plane ጋር ያያይዙት። ሣጥኑ ማዕከሉ መነሻው ላይ እንዲሆን ተደርጎ ከተሳለና Pocket ን Through all ካሉት፣ ከመሃል ተነስቶ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚቆርጥ አንዱን ግድግዳ ነው የሚቀደው፤ የተሳሳተውን ከቀደደ Reversed ን ይጫኑ። ከመነሻው ፕሌን ጋር የተያያዘ ስኬች፣ ፊሌት ቢጨምሩ ቢቀንሱ አይነቃነቅም።

ወደ ከንፈሩ እንምጣ። ከንፈሩ የሚፈጠረው Thickness ሲሠራ ነው፤ ከዚያ በፊት የለም። ስለዚህ የከንፈር ፊሌት በግዴታ ከThickness በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተል የማይፈታው ያልኩትም ለዚህ ነው። የከንፈሩ ገጽ 2 ሚሊ ስፋት አለው። የውጩ ፊሌት ከአንድ ወገን 1 ሚሊ፣ የውስጡ ከሌላው ወገን 1 ሚሊ ሲወስዱ ሁለቱ ድንበሮች አንድ መስመር ላይ ይገናኛሉ፤ ጠፍጣፋው ገጽ ስፋቱ ዜሮ ሆኖ ይጠፋል። ሞተሩ ስፋት የሌለውን ገጽ ማስወገድና ሁለቱን ፊሌቶች በቀጥታ ማገጣጠም አይችልበትም፤ ያኔ ነው ያ መልእክት የሚመጣው። ደንቡ ቀጥተኛ ነው፦ የሁለቱ ራዲየሶች ድምር ከከንፈሩ ስፋት ማነስ አለበት። ስፋቱን ከግድግዳው ቁጥር አይውሰዱ፤ Measure አድርገው ይዩት። የውጩ ጎን በ1 ዲግሪ ወደ ላይ የሚጠብ ከሆነና የውስጡ ቀጥ ያለ ከሆነ በ25 ሚሊ ቁመት 0.44 ሚሊ ይቀንሳል፤ ታች 2 ሚሊ የሆነው ግድግዳ ከንፈሩ ጋ ሲደርስ 1.56 ነው።

የእርስዎ 0.9 የሚሠራው 0.2 ሚሊ የሆነ ጠፍጣፋ ሰቅ ስለተወ ነው። ብዙ ሰው ከዚህ አልፎ 0.99 ወይም 0.999 ይጽፋል። ያልፋል፤ ግን 0.02 ሚሊ ወይም ከዚያ ያነሰ ስፋት ያለውና ዙሪያውን የሚዞር ገጽ ሞዴሉ ውስጥ ይተዋል። በኋላ ክዳን ለመግጠም ከሌላ ሶሊድ ጋር ሲያዋህዱት ወይም ሲቆርጡት የሚወድቀው እዚያ ሰቅ ላይ ነው፤ ወደ STL ሲቀየርም መርፌ የመሰሉ ረጃጅም ሦስት ማዕዘኖች ያመጣል። ከንፈሩ እጅ እንዳይቆርጥ ብቻ ከሆነ የሚፈልጉት፣ ከሁለቱም ወገን 0.6 ያድርጉት፤ 0.8 ሚሊ ጠፍጣፋ ይተርፋል፤ ክዳኑም የሚያርፍበት ያገኛል። ለአብዛኛው ሣጥን ይህን ነው የምመክረው።

ከንፈሩ የግድ ሙሉ ግማሽ ክብ መሆን ካለበት በፊሌት አይሞክሩት። SolidWorks እና Fusion ለዚሁ ብለው Full Round Fillet የሚባል ምርጫ አላቸው፤ ጠፍጣፋው ገጽ እንደሚጠፋ አውቀው ነው የሚሠሩት። በFreeCAD ግን መንገዱ ግማሽ ክቡን መጨመር ነው። Pad ን ከ25 ወደ 24 ሚሊ ዝቅ ያድርጉት። በ24 ሚሊ ከፍታ ላይ የግድግዳውን መሃል የሚከተል ስኬች ይሣሉ፤ 78 በ48 የሆነ፣ ማዕዘኖቹ 7 ሚሊ ራዲየስ ያላቸው አራት ማዕዘን ይሆናል። ቀጥሎ ከቀጥታው መስመር በአንዱ ላይ፣ ለመስመሩ ቀጤ በሆነ ፕሌን፣ 1 ሚሊ ራዲየስ ያለው ግማሽ ክብ ከታች በቀጥታ መስመር ተዘግቶ ይሣሉና በAdditive Pipe ዙሪያውን ያስኪዱት። መነሻውን ማዕዘኑ ላይ አያድርጉት፤ ቀጥታው መካከል ይሁን። የ7 ሚሊው ማዕዘን ለ1 ሚሊ ግማሽ ክብ በቂ መታጠፊያ ነው። ማዕዘኖቹን ሹል ቢተዋቸው ኖሮ ግን ይህም መንገድ መታጠፊያው ላይ ይቸገር ነበር፤ የቁም ፊሌቶቹ በፊት መግባታቸው እዚህም ይከፍላል።

የኬብሉ ቀዳዳ ከከንፈሩ ፊሌት ጋር እንዳይጋጭ ያሉበትን ርቀት ይዩ። ቀዳዳው ዙሪያው የተዘጋ መስኮት ከሆነና የላይ ጠርዙ ከከንፈሩ 3 ሚሊ ያህል ዝቅ ካለ የትኛውም ቢቀድም ለውጥ የለውም። ቀዳዳው ከላይ ክፍት የሆነ ጎድጓዳ ከሆነ ግን መጀመሪያ የከንፈሩን ፊሌት ባልተቋረጠው ዙሪያ ላይ ያድርጉ፤ ከዚያ Pocket ን ወደ መጨረሻ ያንቀሳቅሱት። Move object after other object የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ተገላቢጦሹን ካደረጉ ጠርዙ ቀዳዳው ጋ ስለሚቆረጥ ኳሷ በድንገት ገጽ ታጣለች፤ አንዳንዴ ያልፋል፣ አንዳንዴ አያልፍም፤ በተለይ ቀዳዳው ማዕዘኑ አጠገብ ሲሆን። ከውስጥ ማጠናከሪያ ክንፍ ወይም የብሎን ማቆሚያ ወደፊት ከጨመሩም ከThickness በኋላና ከከንፈሩ ፊሌት በፊት ያስገቧቸው፤ ነገር ግን ክንፉ ከንፈሩን እንዳይነካ ከ1.5 ሚሊ በላይ ዝቅ ብሎ ይቁም። ከነካው የውስጡን ጠርዝ ለሁለት ይከፍለዋል።

ከእንግዲህ ሌላ ሞዴል ላይ ፊሌት እንቢ ሲልዎት ቁጥሩን መቀነስዎን አይተዉ፤ ግን ለምርመራ ብቻ ይጠቀሙበት። ራዲየሱን በግማሽ እየቀነሱ የት ላይ መሥራት እንደሚጀምር ይፈልጉና ያንን ቁጥር ከግድግዳው ጋር ያስተያዩት። የግድግዳው ግማሽ ላይ ከቆመ ሁለት ፊሌቶች አንድ ጠባብ ገጽ እየተሻሙ ነው፤ ድምራቸውን ይቀንሱ። 3.41 እጥፍ አካባቢ ከቆመ ከቦረቦሩት በኋላ ነው የከበቡት፤ ቅደም ተከተሉን ይለውጡ። ጎረቤቱ ያለ ፊሌት ራዲየስ ላይ ከቆመ ኳሷ መታጠፊያ አጥታለች፤ ጎረቤቱን ያሳድጉ ወይም ይህን ያሳንሱ። በ0.01 እንኳ የማይሠራ ከሆነ ግን ጉዳዩ የቦታ አይደለም። ጠርዙ ላይ ዓይን የማያየው አጭር ቁራጭ አለ፣ ወይም ሁለት ገጾች ያለ አንግል የሚገናኙበት መስመር መርጠዋል፣ ወይም ከፊቱ ያለው ሶሊድ አስቀድሞ ተበላሽቷል።

የመጨረሻውን ለማረጋገጥ Part ወርክቤንች ውስጥ Check geometry የሚል አለ። Tip ን ከላይ ወደ ታች አንድ አንድ ፊቸር እያወረዱ በእያንዳንዱ ላይ ያስኪዱት፤ መጀመሪያ ስህተት ያሳየው ፊቸር ጥፋተኛው ነው። ከእሱ በታች ያለውን አይንኩ። ሣጥንዎ ከተስተካከለ በኋላም አንዴ ያስኪዱት፤ ከዚያ በClipping plane በ12 ሚሊ ከፍታ ላይ አግድም ቆርጠው ማዕዘኑን በሰያፍ ይለኩት። 2.00 ሚሊ ማንበብ አለበት፤ 0.34 ካነበበ የ6 ሚሊው የማዕዘን ፊሌት አሁንም ከThickness በታች ተቀምጧል።